ዋው፣ ራ፣ ዳል

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቁርአን ቤት ስለሚዘጋ ወንድሜ ዓባይ ማዶ ከሼሁ ቤት ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ግሽ አባይ ወዳለው ቤታችን ይመጣል። እሱ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት። እሱ ለሼሁ ሕፃናት ቁርአን ያስቀራል፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። አያ ብዬ ነበር የምጠራው። «ነበር» የምትለዋ ቃል እጄን ትይዘዋለች። ሌላ ቃል ግን የለኝም።

የዚያን ሰሞን ጭንቀታችን አንድ ነበር። ቀበሌው በር ላይ በተለጠፈው የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ውስጥ የወንድሜ ስም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ቅረብ ተብሏል። እሱ ደግሞ ቅዳሜን የመጠበቅ ሐሳብ የለውም። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት ታንኳዎች ሲመለሱ ባንዱ ተሳፍሮ ሊሻገር፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ዳር በእግሩ ሄዶ ቆላ ድባ እህል የሚነግደው አጎታችን ዘንድ ሊደርስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሱዳን። ይህን የምናውቅ እናቴ፣ እኔና ሼሁ ብቻ ነን።

እኔን የዓረብኛ ፊደል ማስተማር የጀመረው ለዚሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«እኔ ከሄድሁ በኋላ በአማርኛ ፊደል የምጽፍላችሁን ሁሉ ቀበሌ ያነበዋል» አለኝ መጀመሪያ ቀን። «በዚህ ከጻፍሁ ግን ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ቢገለብጠውም ቢዘቀዝቀውም ያው ነው።»

«እኔስ ዓረብኛ መች አውቄ?»

«ዓረብኛ ማን አለህ? አማርኛውን ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ብቻ ነው የዓረብ።»

ወላጆቻችን ከወሎ ነው የመጡት፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ። ሼሁም ወሎዬ ናቸው። በእነሱ አገር መንዙማ በአማርኛ ይባላል፣ በዓረብ ፊደል ይጻፋል። አባቴ ሁለታችንንም ቁርአን ቤት አስገብቶን ነበር። እኔ በሁለተኛው ሳምንት አለንጋ ፈርቼ ሸሸሁ፤ አባቴም «በቃ፣ ይህኛው የመንግሥት ተማሪ ይሁን» አለ። አያ ተሜ እያለ የሚያበሽቀኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚያ ሐሙስ ትምህርት የፊደሎች መያያዝ ነበር። ጓሮ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጠናል። የእንጨቱን ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በመቃ ብዕርና በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ስንጨርስ በውሃ ይታጠባል። እናቴ ከፋብሪካ ገብታ በሩ ላይ እግሯን ዘርግታለች።

«ይህች ማን ናት?» አለ።

«ባ። ከሥሯ አንድ ነጥብ።»

«ይህችስ?»

ጅራቷ የተቆረጠ፣ ጥርስ የምታህል ነገር ናት።

«አላውቃትም።»

«ራሷ ባ ናት፣ አንተ ተሜ! ጎረቤት ስታገኝ ጅራቷን ትሰበስባለች። ቃሉ መጨረሻ ላይ ስትሆን ደግሞ ትዘረጋዋለች። ነጥቧን እይ፤ ነጥቧ አይዋሽም። ከሥር አንድ ከሆነ ባ፣ ከላይ ሁለት ከሆነ ታ፣ ሦስት ከሆነ ሣ።»

«አማርኛ ይሻላል። በ ሁልጊዜ በ ነው፤ ጎረቤቱን አይቶ አይለዋወጥም።»

እናቴ ሳቀች። አያም ሳቀ። ከዚያ ስድስት ፊደሎች ለብቻቸው ጻፈልኝ፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ዋው።

«እነዚህ ደግሞ ኩሩዎች ናቸው። ከቀኝ የመጣውን እጅ ይቀበላሉ። በግራ ለሚከተላቸው ግን እጃቸውን አይሰጡም። እነሱ ጋ ስትደርስ ብዕርህን አንሣና እንደገና ጀምር።»

ስድስቱን ወደድኋቸው። እንደኛ ፊደል ለብቻቸው የሚቆሙ ናቸው።

ምልክቶቹን ከዚያ በፊት ተምሬ ነበር። ሐረካ ይሏቸዋል። ከፊደሉ በላይ ጋደም ያለች ጭረት ፈትሃ ናት፤ ባን በ ታደርገዋለች። ያችው ጭረት ከሥር ስትሆን ከስራ ትባላለች፤ ቢ። ከላይ ትንሽ ዋው የመሰለችው ደማ ናት፤ ቡ። ክቧ ሱኩን ድምፁን ትዘጋዋለች፤ ብ። እኔ በራሴ መንገድ ነበር የያዝሁት፤ ፈትሃ ግዕዝ፣ ደማ ካዕብ፣ ከስራ ሣልስ፣ ሱኩን ሳድስ። አያ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። የነገረኝ በዚያው ሐሙስ ነው። ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም አልልም።

«ምልክት የሌለውን ፊደል ግዕዝ ነው እንዳትል። የእናንተ በ ምንም ሳይቀጠልባት በ ናት። ይህች ግን ምልክት ካልተሰጣት ዝም ያለች ናት። በም ልትሆን ትችላለች፣ ቢም፣ ቡም፣ ብም። አዋቂዎች ሲጻጻፉ ደግሞ ምልክት አያደርጉም።»

«ታዲያ እንዴት ያነቡታል?»

«ከነገሩ ነዋ። ሰውዬው ምን ሊል እንደፈለገ አስበህ ታነበዋለህ።»

«ይህማ ንባብ አይደለም፣ እንቆቅልሽ ነው።»

«እሺ፣ አገር ስጠኝ» አለና ጭንቅላቴን በመቃው መታኝ።

ሲመሽ ሳይመሽ ተነሣ። ሌሊቱን እዚያው ሼሁ ቤት ያድራል፤ ለአፈሳ ቤት ለቤት የሚሄዱት ማታ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የቀረውን ነገረኝ። እሱ ጥቅል ይዞ መንገድ ለመንገድ ቢታይ ያስይዘዋል። ስለዚህ ጋቢውን፣ ሁለት ሸሚዙንና ስንቁን በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ይዤ፣ እንጨት ከሚራገፍበት ዳርቻ ወደ ግራ ባለው ደንገል ውስጥ አገኘዋለሁ። ባለታንኳው የሚሄድበትን ሰዓት ሲቆርጥለት ቃል ይልክብኛል።

«ነፋስ ሳይነሣ ነው የሚሄደው፤ አይጠብቅም። ቃሉ እንደደረሰህ ና።»

እሺ አልሁ። የትኛው ቃል እንደሚሆን አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ግድም የሼሁ ባለቤት ዘንቢል ይዘው ወደ ገበያ ሲያልፉ በራችን ላይ ቆሙ። ማንበብ አያውቁም። ከነጠላቸው ጫፍ የታሰረች ወረቀት ፈቱ፤ አውራ ጣት ብታክል ነው።

«ከቤት ናት» አሉኝ። «በል፣ ዋልልኝ፤ እኔ ልሂድ።»

ማን እንደጻፋት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።  ወረቀቷን ገለጥሁ።

ورد

ሦስት ፊደል። ዋው፣ ራ፣ ዳል። ሦስቱም ከኩሩዎቹ፤ አንዱም ከሌላው አልተያያዘም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልናገር ያሳፍረኛል። በሕይወቴ ማንም ሳይረዳኝ ያነበብሁት የመጀመሪያው ቃል ነበር። ምልክት የለውም። ለእኔ ደግሞ ምልክት የሌለው ፊደል በልጅነቴ ከገበታ ላይ እንደቆጠርሁት ግዕዝ ነው። ወ፣ ረ፣ ደ።

ወረደ።

ወርዷል፤ ወደ ሐይቁ ወርዷል። ሼሁ ናቸው የጻፉልን፣ እንዳንጨነቅ ብለው። ታንኳው ቀድሞ ሄዷል። እንዲህ ነው ያሰብሁት። አንድ እስትንፋስ እንኳ አልፈጀብኝም።

«እማዬ፣ ሄደ!» አልኋት። «በሰላም ወርዷል።»

እናቴ ጥቅሉን አየች። መደቡ ላይ እንደታሰረ ነው።

«ጋቢውን ሳይዝ?»

«ሼህዬ የሆነ ነገር ሰጥተውት ይሆናላ።»

«ስንቁንስ? አንተ ልጅ፣ እስቲ ሂድና ወደ ውሃው አይተህ ና።»

«ሄዷል እኮ ነው የሚለው! እኔ እዚያ ብንቀዋለል ሰው ምን ይላል? እያስጠረጠርሁት አይደለም?»

«ደግመህ አንብበው።»

«አንቺ ታነቢዋለሽ ወይ? ይኸው!» ብዬ ወረቀቷን ዘረጋሁላት።

እንዲህ አልኋት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቷን አልተቀበለችኝም። ፈረቃዋ ያን ቀን ወደ ከሰዓት ተዛውሮ ነበርና መዘጋጀት ጀመረች። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ታንኳውን በሐሳቤ ሸኘሁት። እስከ ስድስት ሰዓት እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ሁሉ ደንገል ውስጥ ቁጢጥ ብሎ እኔን ይጠብቃል።

ባለታንኳው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። «ጥቅሉ ይቅርብህ፣ ተሳፈር» ብሎት ነበር አሉ። ወንድሜ ግን የቀረሁት እኔን ይዘውኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። በሱ ፋንታ ታናሹን ወሰዱት ብሎ። ይህ ይደረግ ነበር፤ ያጡትን ትተው ያገኙትን ይወስዳሉ። ስለዚህ ታንኳውን ለቀቀና ወደ ቤት ወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከቤታችን ሁለት መንገድ ሲቀረው አብዮት ጥበቃዎች አገኙት።

ይህን የነገረችን ጎረቤታችን ናት። እየሮጠች ገባች፤ ነጠላዋ ወድቋል።

«ልጅሽን ያዙት! ታላቁን! 'ወንድሜን ልቀቁልኝ፣ እኔ መጥቻለሁ' ይላቸዋል፤ እነሱ ይሥቃሉ። ምን ዓይነት ነገር ነው?»

እናቴ ወደ ጎረቤታችን አልተመለከተችም። ያየችው እኔን ነው። እስከ ዛሬም ምንም አላለችኝም።

ወረቀቷን ጨብጬ ድልድዩን ተሻገርሁ። ሼሁ የጁምዓ ሶላታቸውን ሰግደው ከገቡ ገና መቀመጣቸው ነበር። ሰላምታም አልሰጠኋቸው።

«ሼህዬ፣ ይህ ምን ይላል?»

አላነበቡትም። ፊቴን አዩ።

«ምነው፣ ምን ሆንህ?»

«ምን ይላል? ወረደ አይልም? ወረደ ነው የሚለው፤ ወ፣ ረ፣ ደ።»

ሼሁ ወረቀቷን ከእጄ ወሰዱ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ውረድ ነው፣ ልጄ። እዚህ እኔ ፊት ተቀምጦ ነው የጻፈው። 'ምን አልኸው?' ብለው፣ 'ውረድ አልሁት' አለኝ።»

«ምልክት የለውማ! ምልክት ሳያደርግ ጻፈልኝ!»

«ነግሬው ነበር። ልጁ ገና ጀማሪ ነው፣ ሐረካውን አድርግለት አልሁት። 'ያውቀዋል፤ ጎበዝ ነው' አለ። ቸኩሎም ነበር።»

ከዚያ ብዕር አነሡና በወረቀቷ ጀርባ ጻፉልኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት እጃቸው ሌላ የሚሠራው ስላጣ። ዋው ላይ ደማ። ራ ላይ ፈትሃ። ዳል ላይ ሱኩን። ውረድ። ከጎኑ ደግሞ ሌላውን ጻፉ። ሦስቱም ላይ ፈትሃ፤ ራ ላይ ግን ሌላም አለ፣ ፊደል የምታጠብቅ ሸዳ የምትባል፣ እኔ ገና ያልደረስሁባት። ወረደ። ሦስቱ ፊደሎች በሁለቱም ቦታ አንድ ናቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው?» አልኋቸው።

ሼሁ ወረቀቷን መለሱልኝ። 

«አንተ ያለውን አነበብህ» አሉ። «ያልተጻፈውን ግን ሰው ይጠይቅበታል።»

ያን ዕለት እናቴ ወደ ፈረቃዋ አልሄደችም። ማታ ምን እንዳደረግን አላስታውስም። ጥቅሉ መደቡ ላይ ነበር።

ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ የተያዙት ያሉበትን ሰማን። ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ የእህል መጋዘን ግቢ ነው። ሳይረፍድ በካሚዮን ይጭኗቸዋል ተባለ። እናቴ ዳቦና በሶ ቋጠረች። እኔ የደብተሬን ወረቀት ቀደድሁ።

ማረኝ ብዬ ልጽፍለት ፈለግሁ፤ ኝ ግን በዓረቡ ፊደል ውስጥ የለችም። ወሎዎች ነጥብ ጨምረው እንደሚሠሯት ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ አላስተማረኝም። ስለዚህ በማውቃቸው ፊደሎች የሚጻፍ ቃል ፈለግሁ። ተሳሳትሁ። ታን ከሲን ጋር፣ ሲንን ደግሞ ሳ እንድትሆን ከአሊፍ ጋር አያያዝሁ። አሊፍ እጅ አይሰጥም፤ ብዕሬን አነሣሁ። እንደገና ሲንና አሊፍ። እንደገና አነሣሁ። ታና ሃ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኋቸው። ከዚያ ወረቀቱን ከዳቦው ሥር ከተትሁት።

በሩ ላይ እናቶች ተሰልፈዋል። ጠብ-መንጃ የያዘው ዘብ ስንቁን እየፈታ ያያል። የእኛን ሲፈታ ወረቀቱን አገኘው። ወደ ላይ አዞረው፣ ወደ ታች አዞረው።

«ይህ ምን ትላትል ነው?»

«ጸሎት ነው፣ ጓድ።»

«ሰው አይደለህም? በአማርኛ ጻፍ!»

አማርኛ እኮ ነው ልለው ምላሴ ላይ ደርሷል። ብናገር ለወንድሜ የሚብስ መሰለኝ። ዘቡ ወረቀቱን ጨፍልቆ ከጫማው ሥር ጣለው። ዳቦውን ተቀበለ። «ቀጥሎ!» አለ።

ውስጥ ሞተር ተነሣ። እናቴ ቆርቆሮው ላይ በመዳፏ መምታት ጀመረች፤ ሌሎቹም እናቶች እንደሷ መቱ። ሁሉም የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ፤ የማን ስም የማን እንደሆነ አይለይም። እኔ በአጥሩ ጥግ ሮጥሁ። ቆርቆሮውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ቀዳዳ አለ፤ ዓይኔን ሰጠሁት፤ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። አፌን አስጠግቼ ጮህሁ፤ ቁርአን ቤት ሕፃናቱ እንደሚጮኹት አድርጌ።

«ታ ፈትሃ ተ! ሲን አሊፍ ፈትሃ ሳ! ሲን አሊፍ ፈትሃ ሳ! ታ ሱኩን ት!»

ወዲያ ውስጥ ሰዎች ሣቁ። አንዱ «ሼህ ይዘው መጡልን!» አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ የወንድሜ ያልሆነ፣ ሩቅ የማላውቀው ልጅ ድምፅ፣ ቁርአን ቤት የቀራ መሆን አለበት፣ የቀረውን ሞላልኝ።

«ሃ ደማ ሁ!»

እዚያ መካከል ይኑር አይኑር አላወቅሁም። መስማቱን አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም። የወንድሜ መርዶ በቀበሌ በኩል ከመጣ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የሚነግረኝ የለም።

ካሚዮኑ ማርሽ ሲያስገባ ይሰማኛል። አፌን ከቀዳዳው አልነቀልሁም። እንደገና ከታ ጀመርሁ።